ስድስት መቶ እንጀራ ለማን?

የማርኬቲንግ ሥልጠና ላይ የተቀመጠ ሰው አንድ ስላይድ ሳያይ አይወጣም። ሦስት ሣጥኖች በቀስት ተያይዘዋል፤ በመጀመሪያው «ሰግመንቴሽን»፣ በሁለተኛው «ታርጌቲንግ»፣ በሦስተኛው «ፖዚሽኒንግ» የሚል ተጽፏል። አሠልጣኙ ገበያውን ከፋፍሉ፣ ከክፍሎቹ ዒላማችሁን ምረጡ፣ ከዚያ በመረጣችሁት ሰው ልብ ውስጥ ቦታ ያዙ ይላል። ቀጥሎ ሰንጠረዥ ይመጣል፤ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ገቢ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የመኖሪያ አካባቢ። ሠልጣኙ ሰንጠረዡን ገልብጦ ወደ ሥራው ይመለሳል። «ከ25 እስከ 45 ዓመት የሆናቸው፣ መካከለኛ ገቢ ያላቸው ሴቶች» ብሎም ይሞላዋል። በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ግን ይህ ዓረፍተ ነገር ምን አድርግ እንደሚለው አያውቅም።

ጥፋቱ የሐሳቡ አይደለም። ገበያን መከፋፈልን ራሱን የቻለ የንግድ ስልት አድርጎ የጻፈበት አሜሪካዊው ዌንዴል ስሚዝ ነው፤ ጽሑፉ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ነው። አንድ ዓይነት ዕቃ ሠርቶ ሁሉም እንዲወደው በማስታወቂያ ከመገፋፋት ሌላ፣ የሰው ፍላጎት አንድ እንዳልሆነ ተቀብሎ ዕቃውን ለፍላጎቱ ማስማማት የሚባል መንገድም አለ ነበር ነገሩ። ቦታ መያዝ የሚለውን ደግሞ አል ሪስና ጃክ ትራውት በ1972 በተከታታይ ጽሑፍ አስተዋወቁት፤ በ1981 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ሁሉም ሲጽፉ በዓይናቸው የነበሩት ትልልቅ ኩባንያዎችና የማስታወቂያ ድርጅቶች ናቸው። ሦስት ምጣድ ያላት ሴት ብትጠቀምበት ምን ይመስላል የሚለውን ስላይዱ አይነግረንም።

እንግዲህ እንዲህ ያለች ሴት ትኑረን። አዲስ አበባ፣ ጀሞ፣ ከኮንዶሚኒየሙ አጠገብ ቤት ተከራይታ እንጀራ ትጋግራለች። ሴትዮዋም ሆነች ቁጥሮቿ ለማስረዳት የተፈጠሩ ናቸው፤ የሥራው ጠባይ ግን እንጀራ ሸጦ የሚያድር ሁሉ የሚያውቀው ነው። ሦስት የኤሌክትሪክ ምጣድ አላት። ጋጋሪዎቹን የምትከፍላቸው በእንጀራ ቁጥር ነው። በቀን 600 እንጀራ ይወጣል። ከዚያ ውስጥ 350ው ለምግብ ቤቶች፣ 200ው ለሱቆች ይሄዳል፤ 50ው በሯ ድረስ መጥቶ ለሚገዛ ሰው ይሸጣል። ቀኑን ሙሉ ትሠራለች፣ እንጀራው ያልቃል፣ በወር መጨረሻ ግን እጇ ላይ ገንዘብ የለም።

ሰንጠረዡን ብትሞላ ደንበኞቿ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነው ያርፉታል፤ የሰፈሩ ሰዎች፣ መካከለኛ ገቢ፣ በብዛት ሴቶች። የሚያዋጣት የዱቤ ደብተሯን መግለጥ ነው። ደብተሩ ላይ ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት፣ በስንት ብር፣ መቼ ከፈለ የሚለው ተጽፏል። ደብተሩን ይዛ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አንድ ጥያቄ ብቻ ትመልስ፤ ይህ ሰው እንጀራውን የገዛው ለምን ጉዳይ ነው?

መልሱን ስትጽፍ ገበያው ራሱ ይከፋፈላል። ምግብ ቤቱ እንጀራ የሚፈልገው ምሳ ላይ ለማቅረብ ነው። ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ካልደረሰለት አይረባውም። ሰፊ፣ ዓይኑ ያማረ፣ ሁልጊዜ አንድ መጠን ያለው እንዲሆን ይሻል፤ ለነገ ግን አይጨነቅም፤ ነገ ሌላ ይመጣለታል። ባለ ሱቁ የሚፈልገው ትርፍ ያለው ዕቃ ነው፤ ርካሽ ይሁን፣ ካልተሸጠም ይመለስ። በሯ ድረስ ከሚመጡት ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ ከሥራ ሲመለስ ሁለትና ሦስት እንጀራ ይዞ የሚገባ ብቻውን የሚኖር ሰው ነው፤ የሚበላው ዛሬ ማታ ነው። ሌላዋ ባልና ሚስት ሠርተው የሚገቡበት፣ ልጆች ያሉበት ቤት እመቤት ናት። እሷ አሥር እንጀራ በአንዴ ትወስዳለች፤ በሦስተኛው ቀን ለልጆቹ ምሳ ስትቋጥር እንጀራው እንዳይደርቅባት፣ እንዳይሻግትባት ትፈልጋለች። አልፎ አልፎ ድግስ ያለበት ሰው 300 ያዛል፤ ባሕር ማዶ ለሚሄድ ዘመዱ ድርቆሽ የሚፈልግም ይመጣል።

የምግብ ቤቱ ባለቤትና የቤት እመቤቷ ምናልባት እኩያሞች ናቸው። ምናልባት አንድ ብሎክ ላይ ይኖራሉ፣ ገቢያቸውም ተቀራራቢ ነው። ሰንጠረዡ አንድ ሣጥን ውስጥ ይከታቸዋል። እንጀራቸው ግን የተለያየ ነው፤ ሰዓቱም፣ መጠኑም፣ መቆየት ያለበት ቀንም አይገናኝም። በኔ እምነት ትንሽ ነጋዴ ገበያውን ሲከፋፍል መነሻው «ደንበኛዬ ማን ነው» ሳይሆን «ለምን ጉዳይ መጣ» መሆን አለበት። ዕድሜና ገቢ የሚጠቅሙት ኋላ ነው፤ የመረጥነውን ሰው የት እናገኘዋለን በሚለው ጊዜ።

አሁን ከሁሉም ክፍል ምን እንደሚተርፍ እንየው። አንድ እንጀራ ጤፉ፣ መብራቱና የጋጋሪዋ ክፍያ ተደምሮ 18 ብር ይፈጅባታል እንበል። የቤት ኪራዩን ለጊዜው እንተወው፤ ለማንም ብትሸጥ አይቀየርም። ለምግብ ቤት የምትሰጠው በ22፣ ለሱቅ በ20፣ በር ላይ በ26 ብር ነው።

ከሱቆቹ እንጀምር። 200 እንጀራ በ20 ብር 4,000 ብር ነው። ግን ከአሥሩ አንዱ ሳይሸጥ ይመለሳል፤ ይህ በቀን 20 እንጀራ፣ 400 ብር ነው። የሚገባላት 3,600 ብር ሆነ። ለ200ው ያወጣችው ደግሞ 200 ጊዜ 18፣ ያው 3,600 ብር ነው። ከምትጋግረው ሦስተኛ እጅ ለሚሆነው ምጣዱ የሚጋለው በነጻ ነው ማለት ነው። ይህን ሳታውቅ ዓመታት ልትሠራ ትችላለች፤ ምክንያቱም እንጀራው «ይሸጣል»።

ምግብ ቤቶቹ ከአንዱ እንጀራ 4 ብር ያተርፏታል፤ በ350ው 1,400 ብር። ከዚያ ላይ የባጃጅ 500 ብር ሲቀነስ 900 ይቀራል። ይህ መጥፎ አይደለም፤ መጥፎው አከፋፈሉ ነው። ሒሳቡ የሚዘጋው በየ15 ቀኑ ከሆነ፣ በማንኛውም ጊዜ ሰው እጅ ላይ ያለው ገንዘቧ እስከ 115,500 ብር ይደርሳል። ጤፍ የምትገዛው በጥሬ ገንዘብ ስለሆነ ይህን ያህል ብር ከራሷ ወይም ከብድር አውጥታ ምግብ ቤቶቹን ታበድራለች ማለት ነው። አንዱ ምግብ ቤት በሩን ዘግቶ ቢሄድ የብዙ ወር ትርፏ አብሮት ይሄዳል። በር ላይ የሚሸጡት 50 እንጀራዎች ግን 8፣ 8 ብር፣ በድምሩ 400 ብር ያተርፋሉ፤ ያለ ባጃጅ፣ ያለ ዱቤ፣ ያለ ተመላሽ።

እንግዲህ ሁለተኛው ሣጥን፣ ዒላማ መምረጥ፣ እዚህ ይጀምራል። ስላይዱ ላይ የተመረጠው ክፍል የሚለካ፣ የሚደረስበት፣ በቂ ስፋት ያለው፣ ከሌላው የሚለይና ልናገለግለው የምንችለው ይሁን የሚል ዝርዝር አለ፤ ደህና ዝርዝር ነው። ለሴትዮዋ ግን ከአምስቱ የሚከብዳት ስፋቱ ነው። ዛሬ በሯ ላይ የሚሸጠው 50 ነው፤ ሠርተው የሚገቡ ቤተሰቦች ሱቆቹ ሲቀሩ የሚጎድለውን 200 ሊተኩ ይችላሉ?

ማወቅ ይቻላል። በአቅራቢያዋ 12 ብሎክ፣ በየብሎኩ 30 ቤት አለ እንበል፤ 360 ቤት። ሠላሳ ቤት ሄዳ ትጠይቅ። የምትጠይቀው ግን «ቤት ድረስ ባመጣ ትገዛላችሁ?» ብላ አይደለም። በኛ አገር እንዲህ ለጠየቀ ሰው «እንዴታ፣ ምን ገዶን!» ነው መልሱ፤ ከይሉኝታ በቀር ምንም አይለካም። የምትጠይቀው ያለፈውን ነው፦ «ባለፈው ሳምንት የበላችሁት እንጀራ ከየት መጣ? ስንት ነበር? ስንት ቀን ቆየ?» ለዚህ የተጋነነ መልስ መስጠት አይመችም። ገሚሱ ራሱ ይጋግራል፤ አንዳንዱ ቤት በሳምንት ሁለቴ እየመጣች የምትጋግርለት ሴት አለችው፤ የቀረው ይገዛል።

ከሠላሳው አሥሩ እንገዛለን አሉ እንበል፤ ሲሶ። ከ360ው 120 ቤት ይገዛል ማለት ይሆናል። ግን ሠላሳ ቤት ትንሽ ናሙና ነው፤ እውነቱ 70ም 180ም ሊሆን ይችላል። ከሚገዙትም ውስጥ ሁሉም ወደ እሷ አይዞሩም። ስለዚህ 120ውን ለሁለት ከፍላ 60 ቤት ላይ ትቁም። አንድ ቤት በሳምንት 20 እንጀራ ቢወስድ 1,200፣ በቀን ወደ 170 እንጀራ ነው፤ አሁን በር ላይ የሚገዙትም የዚሁ ሰፈር ሰዎች ናቸውና በዚህ ውስጥ ተቆጥረዋል። በ8 ብር ትርፍ 1,360 ብር። ለላስቲኩና ደረጃ ወጥቶ ለሚያደርሰው ልጅ 300 ብር ቢወጣ 1,060 ይተርፋል። ዛሬ ከሱቅና ከበር ላይ ሽያጭ በድምሩ የምታገኘው 400 ነበር።

ቀመሩ ቀላል ነው፤ ከባዱ ለባለ ሱቆቹ «ከሰኞ ጀምሮ አላመጣም» ማለት ነው። ስላይዱ ላይ ዒላማ መምረጥ በቀስት የተመታ ክብ ተደርጎ ይሣላል። በተግባር ግን የሚታወሰው እምቢ የተባለው ሰው ነው። ድርቆሹንም እምቢ ማለት አለባት፤ ማድረቂያ ቦታና ማሸጊያ ይፈልጋል፣ ፈላጊውም በሰሞን የሚመጣ ነው። ድግሱን ትቀበል፤ ሊጥ ተቦክቶ ለምጣድ የሚደርሰው በሁለትና በሦስት ቀን ስለሆነ ከአራት ቀን በፊት ለሚነግራትና ቀብድ ለሚያስይዝ ብቻ። ምግብ ቤቶቹን በአንዴ መተው ሞኝነት ነው፤ 900ው ብር ኪራይ ይከፍላል። በየሳምንቱ ለመክፈል የሚስማሙትን ትያዝ፣ የቀረውን እያሳነሰች ትሂድ።

በዚህ ሐሳብ የማይስማሙ የገበያ ተመራማሪዎች አሉ። አውስትራሊያ የሚሠራው ባይረን ሻርፕ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ፣ የተፎካካሪ ምርቶች ገዢዎች ሲታዩ እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ማደግ የሚፈልግ ምርት በጠባብ ዒላማ ራሱን ከማሰር ገዢውን ሁሉ ቢደርስ ይሻለዋል ሲል ተከራክሯል። በየአገሩ ሱቅ ስለሚደረደር ሳሙና ከሆነ ክርክሩ ክብደት አለው። የኛዋን ሴት የሚያስራት ግን የገዢ ማነስ ሳይሆን የምጣዱ ቁጥር ነው። 600 እንጀራ ብቻ ያለው ሰው ባይመርጥም ተመርጦበታል፤ ቀድሞ የመጣው ይወስድበታል።

ሦስተኛው ሣጥን ላይ ስላይዶቹ አንድ ካርታ ያሳያሉ፤ መስቀለኛ መስመር፣ በአንዱ ጫፍ «ጥራት»፣ በሌላው «ዋጋ»። ይህ ካርታ እምብዛም አይጠቅምም፤ ጥራት የሌለው እንጀራ እሸጣለሁ የሚል ሰው ስለሌለ ሁሉም ራሱን አንድ ጥግ ላይ ይሥላል። የሴትዮዋ በር ላይ የተለጠፈውም «ጥራት ያለው እንጀራ እናቀርባለን» የሚል ነው። መንገዱን ተሻግሮ ያለውም ይህንኑ ለጥፏል።

የሚሻለው የቤት እመቤቷ በእርግጥ የምታማርጠውን መደርደር ነው። ራሷ ትጋግር፤ ያኔ ምን እንደገባበት ታውቃለች፣ ግን ቅዳሜዋን ይበላል፣ መብራት ከሄደ ደግሞ ሊጡ ይኮመጥጥባታል። ጋጋሪ ትቅጠር፤ እምነቱ አለ፣ ግን ሴትየዋ የቀረች ዕለት ቤቱ እንጀራ የለውም። ከሱቅ ትግዛ፤ ቅርብ ነው፣ ግን መቼ እንደተጋገረ አይታወቅም፣ ከጤፉ ጋር ምን እንደተቀላቀለም የሚነግራት የለም። ሁለት ነገር ጎልቶ ይወጣል፤ «ውስጡ ምን አለ?» እና «እስከ መቼ ይቆያል?» የካርታው ሁለት መስመሮች መሆን ያለባቸው እነዚህ ናቸው። በሁለቱም ከፍ ያለ፣ ቅዳሜንም የማይወስድ ቦታ ባዶ ነው፤ ሴትዮዋ ልትቆም የምትችለው እዚያ ነው።

ቃሏ ታዲያ አጭር ይሁን፦ «የጤፍ ብቻ፤ ሦስተኛ ቀንም ይጠቀለላል።» ርካሽ ነው አትበል፤ በ26 ብር የሚሸጥ ርካሽ አይደለም። ትኩስ ነው አትበል፤ ሁሉም ይላል። ሰፊ ነው ማለትም ለምግብ ቤት እንጂ ለዚህች እመቤት አይደለም።

ቃሉ ግን የሚጻፈው ሰሌዳ ላይ ብቻ ከሆነ በሁለት ሳምንት ይጋለጣል። ሦስተኛ ቀን የሚቆይ እንጀራ ከሥራው ውስጥ ነው የሚወጣው። በቆሎ ወይም ማሽላ የበዛበት እንጀራ ቶሎ ደርቆ ይሰባበራል፤ ስለዚህ «የጤፍ ብቻ» የሚለውና «ይጠቀለላል» የሚለው አንድ ቃል ናቸው፤ ዋጋ ለማውረድ ጤፉን መቀላቀል የማይታሰብ ይሆናል። ከምጣድ የወጣው እንጀራ ሰፌድ ላይ ተንፍሶ ሳይበርድ ቢደራረብና ላስቲክ ውስጥ ቢገባ እንፋሎቱ ውኃ ሆኖ ይመለስበታል፤ ሻጋታው ከዚያ ይጀምራል። ለምግብ ቤት ሲሆን ይህ ችግር አልነበረም፤ በሰዓታት ውስጥ ተበልቶ ያልቃል። ለቤት ሲሆን ግን ማቀዝቀዣ መደርደሪያና ተጨማሪ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ማታ 12 ሰዓት ላይ በር ለሚንኳኳበት እንጀራ መጋገሩ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ማለቅ አለበት። ላስቲኩ ላይ የተጋገረበት ቀን በእስክሪብቶ ይጻፍ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ቃሉን ራሱን ማሳጠር ይሻላል፤ በእርጥበት ወራት ሁለት ቀን ብሎ ሁለት ቀን ማቆየት፣ ሦስት ብሎ ከመሻገት ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ ሥራው ይቀየራል። አሁን የሚመዘገበው ማን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ማን ለሦስተኛ ጊዜ ገዛ የሚለው ነው። በመጀመሪያው ወር 40 ቤት ሞክሮ በሁለተኛው ወር 12 ብቻ ከቀረ ቃሉ ሰው ስቧል፣ እንጀራው ግን አልጠበቀውም፤ ሄዳ የቀሩትን ትጠይቅ፤ ምናልባት ቆይታው ሳይሆን ኮምጣጣነቱ አልተስማማቸው ይሆናል፣ ይህ የእርሾና የሊጥ ቀን ጉዳይ ነው። የሞከሩት 12 ሆነው 11ዱ ከቀጠሉ ደግሞ እንጀራው ደህና ነው፣ ወሬው ግን አልደረሰም፤ ልጁን በሌሎቹ ብሎኮች ይላከው፣ በብሎኩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደንበኞቿ ይጻፉላት። ሁለቱን ችግሮች ሳይለዩ «ገበያ ቀዘቀዘ» ብሎ ዋጋ መቀነስ በሁለቱም በኩል ያጎድላል።

እንዲህ ስትሠራ ቆይታ አንድ ቀን አንድ ትልቅ ምግብ ቤት መጥቶ «በቀን 300 እንጀራ፣ በ22 ብር» ቢላትስ? ምጣዱ 600 ብቻ ስለሚችል የቤቶቹ 170 ይጠበባል። ሒሳቡ ያማልላል፤ 300 ጊዜ 4 ብር 1,200 ነው፣ ቤቶቹ ደግሞ 1,060። ባጃጁ 300 ብር ከወሰደ ግን 900 ይሆናል፤ በየ15 ቀኑ እከፍላለሁ ካለ እሱ ላይ እስከ 99,000 ብር ይታሰርባታል። የምትመልስለት ይህ ይሁን፦ በየሳምንቱ ዓርብ ሒሳብ ከዘጋ፣ እንጀራውንም በራሱ መኪና ጠዋት ከወሰደ፣ አራተኛ ምጣድ ገዝታ ማለዳ በመጋገር 150 ትሰጠዋለች። ከቀትር በኋላ ያለው ምጣድ የቤቶቹ ነው።